ዱም–ታ ዱም–ታ፦ የዳንስ ሙዚቃን ዓይነት ከምት ስልቱና ከመሣሪያዎቹ ለይቶ ስለመሰየም

አንድ አድማጭ ስሙን የማያውቀውን የዳንስ ሙዚቃ ለሌላ ሰው ሲገልጽ የሚመርጣቸው ቃላት ስለ ሙዚቃው ከሚናገሩት ይልቅ ስለ አድማጩ ሰውነት የሚናገሩት ይበዛል። «ወገብ ያወዛውዛል»፣ «ቀስ ያለ ነው፤ ግን አያስቀምጥም»፣ «ሬጌ ይመስላል፤ ሬጌ ግን አይደለም» ይላል። እንዲህ ያለው መግለጫ ለጥናት አይረባም ተብሎ የሚጣል አይደለም። ወገብ በዘፈቀደ አይወዛወዝም፤ የሚወዛወዝበት ምክንያት በከበሮዎቹ ድምፆች መካከል ባለው የጊዜ ርቀት ውስጥ ይገኛል፤ ርቀቱም ሊቆጠር ይችላል። ችግሩ ተመሳሳይ ስሜት የሚሰጡ፣ ነገር ግን በተለያየ አገር ተወልደው በተለያየ ስም የሚጠሩ ሙዚቃዎች መኖራቸው ነው።

ለዚህ ችግር ሬጌቶን፣ ዳንስሆል፣ ሶካ፣ ዙክና ኪዞምባ እጅግ ጥሩ ማሳያ ናቸው። የመጀመሪያው በፓናማና በፖርቶ ሪኮ፣ ሁለተኛው በጃማይካ፣ ሦስተኛው በትሪኒዳድ፣ አራተኛው በጓዴሉፕና በማርቲኒክ፣ አምስተኛው በአንጎላ አድጓል። አምስቱም ግን በአንድ የምት አጽም ላይ የቆሙ ናቸው። ከአምስቱ አንዱን ሰምቶ ስሜቱን ብቻ የያዘ አድማጭ ወደ ትክክለኛው ስም ለመድረስ ሁለት ነገሮችን በየተራ መጠየቅ ይኖርበታል፤ በመጀመሪያ ምቱ የየትኛው ቤተሰብ ነው? ቀጥሎም በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ፍጥነቱና መሣሪያዎቹ ወደ ማን ያመለክታሉ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛውን ጥያቄ በምቱ ብቻ ለመመለስ ሲሞክር ነው።

የጋራው አጽም

ዳንሰኛው በእግሩ ሁለት ጊዜ የሚረግጥበት ርዝመት ለስምንት እኩል ንዑስ ምቶች ይከፈል። እግር የሚያርፈው በ1ኛውና በ5ኛው ላይ ነው። የጋራው አጽም ድምፅ የሚያሰማው ደግሞ በ1ኛው፣ በ4ኛውና በ7ኛው ላይ ነው። ከ1 እስከ 4 ሦስት፣ ከ4 እስከ 7 ሦስት፣ ከ7 እስከ ቀጣዩ 1 ሁለት ንዑስ ምቶች ስላሉ ስልቱ ብዙ ጊዜ «3–3–2» እየተባለ ይጠራል። የኩባ ሙዚቀኞች ትሬሲዮ ይሉታል።

ወገብ የሚወዛወዝበት ምክንያት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። የመጀመሪያው ድምፅ ከእግር ጋር እኩል ይወድቃል። ሁለተኛው ድምፅ እግር ሊያርፍ አንድ ንዑስ ምት ብቻ ሲቀረው ቀድሞ ይመጣል። ሦስተኛው ሁለተኛው እርምጃ ካረፈ በኋላ፣ ቀጣዩ ከመምጣቱ በፊት፣ ልክ በመሀል ላይ ይሰማል። ስለዚህ ሰውነት አንድ ጊዜ ከምቱ ጋር ይስማማል፤ አንድ ጊዜ ይቀደማል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ እግሩ አየር ላይ ሳለ ይጠራል። ይህ መቀደምና መጠራት በየስምንቱ ንዑስ ምት ስለሚደጋገም ፍጥነቱ ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ ሙዚቃው «አያስቀምጥም»።

ከእነዚህ ሦስት ድምፆች ላይ በ5ኛው ንዑስ ምት አንድ ሲጨመር 1፣ 4፣ 5፣ 7 የሚል ስልት ይገኛል። ይህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኩባ ወደ አውሮፓ የተሻገረውና ሃባኔራ የሚባለው ስልት ነው፤ ቢዜ በ1875 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለመድረክ ባበቃው «ካርመን» ኦፔራ ውስጥም ይሰማል። የሬጌቶን ከበሮ የሚመታው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ አራቱን ድምፆች ለሁለት ከበሮ ማካፈሉ ነው፤ 1ኛውንና 5ኛውን ወፍራሙ ኪክ፣ 4ኛውንና 7ኛውን ቀጭኑ ስኔር ይወስዳሉ። ኪክን «ዱም»፣ ስኔርን «ታ»፣ ዝምታን በነጥብ ብንወክል ስልቱ እንዲህ ይጻፋል፦

ዱም · · ታ ዱም · ታ ·

ይህን መስመር ጮክ ብሎ ሦስትና አራት ጊዜ መድገም ከማንኛውም ትርጓሜ የበለጠ ያስረዳል። ስልቱን በቃል መያዝ የቻለ አድማጭ ሰውነቱ ብቻ ያውቀው የነበረውን ነገር ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ጀምሯል ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ፦ ከሠርግ የመጣ ዜማ

አንዲት አድማጭ በሠርግ ላይ ዲጄው የተጫወተውን አንድ ዘፈን ወዳዋለች እንበል። ቃሉን አታውቀውም፤ ዘፋኙንም አልጠየቀችም። የምታስታውሰው ቀስ ያለ መሆኑን፣ ወገብ የሚያወዛውዝ መሆኑንና ጓደኞቿ «ሬጌ ነው» ማለታቸውን ነው። ምቱን ግን በአፏ መምታት ትችላለች። ከዚህ ተነሥቶ እስከ ስሙ እንዴት ይደረሳል?

መጀመሪያ የሚያስፈልገው የእግር ምት ነው። ምቱን በአፏ እየመታች በእግሯ እንድትረግጥ ይደረጋል፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ የረገጠችው ተቆጥሮ በ4 ይባዛል። 24 ጊዜ ረግጣ ከሆነ ፍጥነቱ በደቂቃ 96 ምት ነው። እዚህ ላይ የተለመደ ወጥመድ አለ። በእግሯ ሳይሆን በጣቷ ጠረጴዛ ብትመታ ብዙውን ጊዜ የምትከተለው ፈጣኑን የሃይ-ሃት ድምፅ ስለሚሆን ውጤቱ 192 ሊወጣ ይችላል፤ ራሷን ብቻ ብትነቀንቅ ደግሞ 48 ይሆናል። ሦስቱም ቁጥሮች አንዱን ሙዚቃ የሚገልጹ ናቸው፤ ነገር ግን የዳንስ ሙዚቃዎች ፍጥነት የሚነገረው በእርምጃ ስለሆነ የሚወሰደው የእግሩ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እርምጃው ለሁለት (ከዚያም ለአራት) ይከፈላል ወይስ ለሦስት የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ከሌላው የበለጠ አስፈላጊ ነው። በችክችካ ያደገ ጆሮ እርምጃን ለሦስት ከፍሎ፣ ረጅምና አጭር እያፈራረቀ መስማት ለምዷል። በችክችካ ሁለተኛው ድምፅ የሚሰማው የእርምጃው ሁለት ሦስተኛ ሲያልፍ ነው፤ በ3–3–2 ግን ሦስት አራተኛ ሲያልፍ ነው። በደቂቃ 96 ምት አንድ እርምጃ 625 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የሁለቱ ልዩነት እንግዲህ 52 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። የለመደ ጆሮ ይህን ትንሽ ልዩነት ወደሚያውቀው ጎትቶ «አስተካክሎ» ሊሰማው ይችላል። አድማጯ በአፏ የምትመታው ስልት ወደ ችክችካ ያዘነበለ ቢሆን ዘፈኑ ችክችካ ነበር ለማለት አይበቃም።

ማረጋገጫው ያለው በሁለተኛው እርምጃ ላይ ነው። በችክችካ የመጀመሪያው እርምጃና ሁለተኛው እርምጃ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ረጅም–አጭር፣ ረጅም–አጭር እያለ ይሄዳል። በ3–3–2 ግን ሁለቱ እርምጃዎች አይመሳሰሉም። በመጀመሪያው ውስጥ «ታ» የሚመጣው ዘግይቶ፣ ቀጣዩን እርምጃ ሊነካ ሲል ነው፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን ልክ በመሀሉ ላይ ነው። ስለዚህ አድማጯ በሁለተኛው እርምጃ ላይ እግሯን ወደ ላይ በምታነሣበት ቅጽበት «ታ» ከተሰማ፣ በመጀመሪያው ላይ ግን በዚያው ቅጽበት ዝምታ ካለ፣ ምቱ የዚህ ቤተሰብ ነው። ሰዓት መለኪያ ወይም ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ እግርና አፍ ይበቃሉ።

ሦስተኛው እርምጃ ስልቱ በስንት ንዑስ ምት እንደሚደገም ማየት ነው። 3–3–2 በየ8ቱ ራሱን ይደግማል። በኩባው ሶንና ከናይጄሪያ በወጡ ብዙ የአፍሮቢትስ ዘፈኖች የሚሰማው ክላቬ ግን 16 ንዑስ ምቶች ይፈልጋል፤ በ1፣ 4፣ 7፣ 11 እና 13 ላይ ይመታል። የመጀመሪያው አጋማሽ ከ3–3–2 ጋር አንድ ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽ ግን ሌላ ነው። ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚሰማ ቅንጭብ ከዚህ የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ተቆርጦ ከሆነ ያሳስታል። አድማጯ ስልቱን አራት ጊዜ ስትደግመው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ክላቬ ይወጣል።

አሁን የሚቀረው የትኛው ከበሮ የትኛውን ድምፅ እንደሚይዝ ማወቅ ነው፤ የ«ዱም» እና የ«ታ» አጻጻፍ ዋጋው የሚታየውም እዚህ ነው። የዘጠናዎቹ ዳንስሆል ብዙውን ጊዜ በ1ኛውና በ4ኛው ላይ ኪክ፣ በ7ኛው ላይ ስኔር ያደርጋል፦

ዱም · · ዱም · · ታ ·

በዚህ ስልት በ5ኛው ንዑስ ምት ላይ ከበሮ የለም፤ ሁለተኛው እርምጃ የሚያርፈው ባዶ መሬት ላይ ነው። በሬጌቶን ግን ሁለተኛው እርምጃ ከሥሩ «ዱም» አለው። የዳንስሆል ዳንሰኛ ጉልበቱን አጥፎ የሚንሳፈፍ፣ የሬጌቶን ዳንሰኛ ግን መሬቱን የሚጫን መስሎ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ይመስላል። ከሠርጉ የመጣችው አድማጭ «ዱም ታዱም ታ» እያለች የምትመታ ከሆነ «ታ» ከመጣ በኋላ ወዲያው «ዱም» አለ ማለት ነውና ይህ የዳንስሆል ስልት ቢያንስ ለጊዜው ይቀራል።

የጓደኞቿ «ሬጌ ነው» የሚለው ስያሜም በዚሁ መንገድ ይፈተናል። በሬጌው «ዋን ድሮፕ» በሚባለው ስልት ከአራቱ የእግር ምቶች መካከል የመጀመሪያው ከኪክ ባዶ ነው፤ ኪክና ስኔር አብረው የሚወርዱት በሦስተኛው ላይ ሲሆን ጊታር ወይም ኦርጋን በእርምጃዎቹ መካከል እየቆረጠ ይገባል። አድማጯ የመጀመሪያውን እርምጃ ሁልጊዜ በ«ዱም» የምትጀምር ከሆነ የሰማችው ዋን ድሮፕ አይደለም። ሆኖም ጓደኞቿ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ሬጌቶን ከጃማይካ ሙዚቃ የወጣ ነውና የዝምድናውን ሽታ አግኝተውታል።

ምቱ የሚያቆምበት ቦታ

እስከዚህ ድረስ ምቱ ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ ችክችካን፣ ክላቬን፣ ዋን ድሮፕንና የዳንስሆሉን ስልት አስወጥቷል። ከዚህ በላይ ግን አይሄድም። ምክንያቱም «ዱም · · ታ ዱም · ታ ·» የሚለው መስመር ለሬጌቶን ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሶካም ኪክን በየእርምጃው፣ ስኔርን በ4ኛውና በ7ኛው ላይ ያደርጋል። በብዙ የዙክና የኪዞምባ ዘፈኖችም በነዚያው ቦታዎች ላይ ስኔር፣ የከበሮ ጠርዝ ወይም ሻከር ይሰማል። የሦስቱን ምት ብቻ ነጥሎ በወረቀት ላይ ቢያስቀምጡት የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

የመጀመሪያው ማጥለያ ፍጥነት ነው። ሬጌቶን በአብዛኛው በደቂቃ ከ88 እስከ 100 ምት ባለው መካከል ይጓዛል። ኪዞምባና ለስላሳው የዙክ ዓይነት፣ ዙክ ላቭ የሚባለው፣ እዚያው አካባቢ ናቸው። ሶካ ፈጣን ነው፤ ዝግ ያለው እንኳ ከ105 በላይ ሲሆን ለካርኒቫል ጎዳና የሚሠራው 160 አካባቢ ይደርሳል። 96 የሚለው ቁጥር ሶካን ያስወጣል። ስሜቱም ይህንኑ ይመሰክራል፤ በ160 የሚሄድ ሶካ የሚያዘልል እንጂ ወገብ የሚያወዛውዝ አይደለም። አንድ አጽም በፍጥነት ለውጥ ብቻ ወደ ሌላ የሰውነት እንቅስቃሴ መለወጡ ስሜት ከምት ስልት ብቻ እንደማይመነጭ ያሳያል።

የቀሩትን ሬጌቶን፣ ዙክና ኪዞምባን የሚለያቸው መሣሪያ ነው። ለአድማጯ የሚቀርበው ጥያቄም መለወጥ አለበት። «ምን ዓይነት መሣሪያ ነበር?» ቢባል «ኪቦርድ» ከማለት የበለጠ መልስ አይገኝም፤ ሦስቱም ኪቦርድ አላቸውና። የሚሻለው «ታ» ራሱ ምን ይመስል እንደነበር መጠየቅ ነው። እንደ ጅራፍ ይሰነጥቅ ነበር ወይስ እንጨት በእንጨት እንደመንካት ያለ ለስላሳ ነበር? ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነበር ወይስ ይለዋወጥ ነበር?

በሬጌቶን «ታ» ደረቅና ጎልቶ የወጣ፣ ከከበሮ ማሽን የተገኘ ድምፅ ነው። ከዚህም በላይ አንድ መለያ ጠባይ አለው፤ በዘፈኑ መሀል ስልቱ ሳይለወጥ የስኔሩ ድምፅ ብቻ በሌላ ስኔር ይተካል። ይህ ልማድ የመጣው ዘውጉ ከተሠራበት መንገድ ነው። በ1990ዎቹ የሳን ሁዋን ዲጄዎች ከተለያዩ የጃማይካ ቅጂዎች ላይ የተቆረጡ ከበሮዎችን እያፈራረቁ በአንድ ካሴት ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ከበሮው ሲቀየር የስኔሩ ድምፅ አብሮ ይቀየራል። ዛሬ ሁሉም ነገር በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲሠራ እንኳ አዘጋጆች ይህን መለዋወጥ የዘፈኑን ክፍሎች ለመለያየት ይጠቀሙበታል። ቤዙ አጭር ሲሆን ኪኩን ተጠግቶ ይሄዳል፤ ሌላው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ በከበሮውና በድምፃዊው መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል።

ዙክ በተቃራኒው የባንድ ሙዚቃ ነው። በ1979 ፓሪስ ውስጥ በጓዴሉፕና በማርቲኒክ ሙዚቀኞች የተቋቋመው ካሳቭ የተባለው ባንድ ድምፁን ሲፈጥር ትንፋሽ መሣሪያዎችን፣ ሲንተሳይዘርን፣ ጊታርንና የደሴቶቹን ባህላዊ ከበሮ በአንድ ላይ አቀናጅቷል። ከባህሉ የመጣው ቲ ቧ ነው፤ በቀርከሃ ወይም በከበሮ ጎን ላይ በሁለት በትር የሚመታ ደረቅ የእንጨት ድምፅ ሲሆን ምቱን በቀጭኑ ይይዛል። ስለዚህ በዙክ 3–3–2 የሚሰማው ከላይ፣ ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ነው፤ ሥሩን የሚይዘው ተንቀሳቃሽ የቤዝ ጊታር ነው።

ኪዞምባ በ1980ዎቹ አንጎላ ውስጥ ከሴምባና ከመጣው የዙክ ተጽዕኖ የተወለደ ነው፤ ስሙ በኪምቡንዱ ቋንቋ ፌሽታ ወይም ድግስ ማለት ነው። በኪዞምባ ቤዙ ረጅምና ጥልቅ ነው፤ ከከበሮው ይልቅ ዳንሰኛውን የሚመራው እሱ ነው ማለት ይቻላል። «ታ» ደግሞ ለስልሶ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጥንድ ሆነው ተጠጋግተው ለሚደንሱ ሰዎች የሚሰነጥቅ ስኔር አያስፈልግም።

የሠርጉ አድማጭ «‹ታ› ይሰነጥቅ ነበር፤ መሀል ላይ ደግሞ ድምፁ ተለወጠና ሰው ሁሉ ጮኸ» ብትል ጥያቄው አልቋል ለማለት ይቻላል። 96 ምት፣ በየ8ቱ የሚደገም ስልት፣ ኪክ በ1 እና በ5፣ ስኔር በ4 እና በ7፣ የሚለዋወጥ ስኔር፤ እነዚህ አንድ ላይ ሲገኙ ሬጌቶን ከሚለው ስም ሌላ የሚመጥን የለም። «እንጨት የሚመስል ነበር፤ ቤዙ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር» ብትል ግን ፍርዱ ወደ ኪዞምባ ወይም ወደ ዙክ ላቭ ያዘነብላል፤ በሁለቱ መካከል ለመወሰን ደግሞ ቅጂውን ራሱን ማግኘት ግድ ይሆናል። እዚህ ላይ ቋንቋው ፖርቱጋልኛ ነው ወይስ ክሪዮል የሚለው ያግዛል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። የኬፕ ቨርዴ ዘፋኞች በክሪዮል የሚዘፍኑት ዙክ ዛሬ በአውሮፓ የዳንስ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ኪዞምባ ተብሎ ይደነስበታልና።

ጆሮ የሚሳሳትባቸው ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያው ስሕተት ምንጩ ስልክ ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ትንሽ በመሆኑ ዝቅተኛ ድምፆችን በአግባቡ አያወጣም፤ ኪኩና ቤዙ ይጠፋሉ፤ ስኔሩ ብቻ ይቀራል። ያኔ «ዱም · · ታ ዱም · ታ ·» የሚለው ስልት «· · · ታ · · ታ ·» ይሆናል። በዚህ ሁኔታ የሰማ ሰው የመጀመሪያውን «ታ» የምቱ መጀመሪያ አድርጎ መያዙ አይቀርም፤ እግሩም በ4ኛው ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ የሚቆጥረው ሁሉ የተዛባ ነው፤ 3–3–2 የነበረው 3–2–3 ይሆንበታል። አፉ በትክክል የያዘው ርቀት እንኳ በተሳሳተ ቦታ ስለሚጀምር ከየትኛውም ስልት ጋር አይገጥምም። ምልክቱ ይህ ነው፤ አድማጩ ዘፈኑን ተከትሎ ሲረግጥ የቤዙ ወይም የኮርዱ ለውጥ ሁልጊዜ ከእግሩ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። መፍትሔው በጆሮ ማዳመጫ ወይም በትልቅ ማጉያ ደግሞ መስማትና ኮርዱ የሚለወጥበትን ቅጽበት የ1ኛው ንዑስ ምት ቦታ አድርጎ ቆጠራውን እንደገና መጀመር ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከዘፈኑ መግቢያ ይመጣል። በ2017 የወጣው የሉዊስ ፎንሲና የዳዲ ያንኪ «ዴስፓሲቶ» የሚጀምረው በኳትሮ ነው፤ ኳትሮ በፖርቶ ሪኮ የገጠር ሙዚቃ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ባለ አሥር ክር መሣሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ብቻ የሰማ ሰው የሚይዘው ስሜት የክር ባላድ ስሜት ነው። የሬጌቶን ከበሮ የሚገባው ከቆይታ በኋላ ነው። በዚሁ ዓመት የወጣው የኤድ ሺራን «ሼፕ ኦፍ ዩ» ደግሞ በደቂቃ 96 ምት እየሄደ 3–3–2ን የሚያሰማው በከበሮ ሳይሆን ማሪምባ በሚመስል የኪቦርድ ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን በመሣሪያው ስልቱን ይደብቃል፤ ሁለተኛው ስልቱን ተበድሮ መሣሪያውን ይለውጣል። ሁለተኛውን ሬጌቶን ብሎ መሰየም ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ አጽሙ አለ፤ የሬጌቶን «ታ» ግን የለም።

ስሙ የሚሸከመው

ለምን ይህን ያህል ስለ ስም መድከም ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ቢያንስ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ስሙ የዘር ሐረግ ይይዛል። የሬጌቶኑ ምት በላቲን አሜሪካ ዴምቦው ይባላል፤ ስያሜው የተወሰደው ጃማይካዊው ሻባ ራንክስ በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ለአዘጋጁ ቦቢ ዲጂታል ከዘፈነው «ዴም ቦው» ከተሰኘው ዘፈን ነው። ዘፈኑን ፓናማዊው ናንዶ ቡም በስፓኒሽ ዘፈነው፤ ለዚህም ኒው ዮርክ አካባቢ ከበሮው እንደገና ተሠራ፤ ያ በድጋሚ የተሠራው ከበሮ በካሴት ወደ ፖርቶ ሪኮ ሄዶ የአንድ ዘውግ መሠረት ሆነ። አንድ ጣት የማይሞላ የከበሮ ሐረግ አራት አገር አቋርጧል።

የሶካ ሐረግ ሌላ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሎርድ ሾርቲ የተባለው የትሪኒዳድ የካሊፕሶ ዘፋኝ ካሊፕሶን ለማደስ ሲነሣ ከደሴቷ የሕንድ ዝርያ ካላቸው ነዋሪዎች ሙዚቃ ዶላክንና ዳንታልን አመጣ፤ የመጀመሪያው ከበሮ፣ ሁለተኛው የብረት ዘንግ ነው። የዚህ ሙከራ ውጤት ወደ ሶካ አደገ። እንግዲህ ሶካና ሬጌቶን አንድ ምት የሚጋሩት አንዱ ከሌላው ስለወሰደ አይደለም፤ አጽሙ ከሁለቱም በፊት በካሪቢያን ስለነበረ ነው። ምቱን ብቻ አይቶ «ሶካ የሬጌቶን ፈጣን ዓይነት ነው» የሚል መዝገብ የሌለ ታሪክ ይፈጥራል።

ይህ ልዩነት ዛሬ ፍርድ ቤት ደርሷል። ክሊቪ በሚል ስም የሚታወቀው የጃማይካ ከበሮ መቺ ክሊቭላንድ ብራውንና በ2009 የሞተው የሥራ ጓደኛው ስቲሊ ጆንሰን ወራሾች በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ መሥርተዋል፤ ሁለቱ በ1989 የሠሩት «ፊሽ ማርኬት» የተባለ ከበሮ ያለ ፈቃድ ተወስዷል የሚል ነው። ክሱ በኋላ ሰፍቶ ከመቶ በላይ የሬጌቶን አርቲስቶችንና ኩባንያዎችን አካቷል፤ በ2024 ፍርድ ቤቱ ክሱ ይሰረዝ የሚለውን የተከሳሾች ጥያቄ በአብዛኛው አልተቀበለም። የክርክሩ እምብርት ከላይ የተነሣው ጥያቄ ነው። 1፣ 4፣ 5፣ 7 የሚለው ስልት ብቻውን ከሃባኔራ ዘመን ጀምሮ የማንም አይደለም። ከሳሾች የኛ ነው የሚሉት በዚያ አጽም ላይ የተጫኑትን የከበሮ ድምፆች፣ ተጨማሪ ምቶችና ቤዝ በአንድ ላይ ነው። ዳኞች የሚመዝኑትም አድማጯ ከተጠየቀችው ብዙ የራቀ አይደለም፤ «ታ» የት ወደቀ ብቻ ሳይሆን ምን ይመስል ነበር የሚለውን ነው።

ለድምፅ መዛግብትና ለመስክ ቅጂዎች ካታሎግ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ከዚህ የሚወስዱት አሠራር ቀላል ነው። በዘውግ ስም ዓምድ «ሬጌቶን» ወይም «ኪዞምባ» ብሎ ብቻ ከማለፍ አጠገቡ ሌላ ዓምድ ከፍቶ የተሰማውን መጻፍ ይሻላል፦ ፍጥነት 96፤ ዱም · · ታ ዱም · ታ ·፤ በየ8ቱ የሚደገም፤ ስኔር ደረቅ፣ በመሀል የሚለወጥ፤ ቤዝ አጭር። ስሙ ሊቀየር ይችላል፤ በሉዋንዳ፣ በሊዝበንና በአዲስ አበባም አንድ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ዓምድ ግን የሚቀጥለው አድማጭ ቅጂውን ራሱ ሰምቶ ሊያረጋግጠው የሚችለው ነገር ነው።